ጂ+5 ሕንፃ፣ 19 ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ የጋዝ ቱቦ፣ ሁለተኛው ኮምፕረሰርም ሞተብኝ

ማርቆስ ኤሲ

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ከ14 ወር በፊት አንድ ጂ+5 ሕንፃ ምድር ቤት ላለ የሰርቨር ክፍል ባለ 24,000 ቢቲዩ ኢንቨርተር ስፕሊት ገጠምን። ጋዙ አር 410ኤ ነው። የሕንፃው ባለቤት የውጭው ዩኒት ግድግዳ ላይ እንዳይታይ ስላለ ጣሪያ ላይ አስቀመጥነው። ቱቦው ቀጥ ብሎ 19 ሜትር ይወጣል። አግድሙ ሲጨመር 29 ሜትር ነው። ማኑዋሉ እስከ 30 ሜትር ርዝመትና እስከ 20 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይፈቅዳል። ገደቡ ውስጥ ነን ብለን ገባንበት።

የማሽኑ ቱቦ 3/8 እና 5/8 ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ጋዙ እንዳይታፈን ብዬ ወፍራሙን ከ5/8 ወደ 7/8 አሳደግሁት። ሁለቱም ጫፍ ላይ ሬዲዩሰር በየድሁ። ቫኪዩም በደንብ ተሠርቷል። ጋዙም በሚዛን ነው የገባው።

በሰባተኛው ወር ኮምፕረሰሩ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ከዚያ በሙቀት እየቆመ፣ እየቆመ፣ አንድ ቀን አልዞርም አለ። ቀየርነው። ሁለተኛው አምስት ወር ብቻ ቆየ። አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ይንቀጠቀጣል፣ ኳ ኳ ይላል። ከዚያ ይረጋጋል።

ዛሬ የወጣውን ኮምፕረሰር ዘቅዝቄ ዘይቱን በመለኪያ ኩባያ ተቀበልኩት። 220 ሚሊ ሊትር ነው የወጣው። ሲመጣ 620 እንዳለው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የቀረው 400 የት ሄደ? ሦስተኛውን ከማሰሬ በፊት ማወቅ አለብኝ። ከኪሴ ነው የምከፍለው።

ቾቄ

ወንድሜ፣ ዘይቱ ቱቦህ ውስጥ ነው ያለው። ቱቦ ማሳደግህ ልክ ነው። ረጅም መንገድ ሲሆን ቱቦ ይወፍራል። የጎደለህ ትራፕ ነው። 19 ሜትር ያለ ትራፕ እንዴት ይወጣል? በየ3 ሜትሩ የዩ ቅርጽ ትራፕ አድርግበት። ከዚያ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምርና እርሳው። እኔ ዓመታት እንደዚህ ነው የሠራሁት።

ደግሞ የቫኪዩም ፓምፕህን አረጋግጥ። ጌጁ 30 ካልደረሰ ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው።

የቡሬ ልጅ

የእኔም ችግር ይኸው ነው! ቡሬ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ገጥሜ፣ 11 ሜትር ከፍታ አለው። የውጭው ዩኒት መሬት ላይ ነው። የውስጡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማቀዝቀዙ ደከመ። እኔም ትራፕ ላድርግ እንዴ?

ጣና ዳር

ማርቆስ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ያ ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀት ስንት ነው? ዩፒኤሱ ላይ የሚነበበውን ጭነት እየው። ሁለተኛ፣ አዲሱን ከማሰርህ በፊት ወፍራሙን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ፍታው። ከላይ ናይትሮጅን ንፋበት። ከታች ባልዲ አድርግና የሚወርደውን ተቀብለህ ለካ። ግፊቱን ቀስ በል፣ ጫፉም ወደ ሰው አይዙር።

የመጀመሪያውን ኮምፕረሰር ስትቀይርስ ቱቦውን አጥበኸው ነበር?

የቡሬ ልጅ፣ የአንተ ጉዳይ ግልባጩ ነው። ቆየኝ፣ እመለስበታለሁ።

ማርቆስ ኤሲ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ዩፒኤሱ 1.8 ኪሎዋት ይላል። ሁለት ራክ ብቻ ነው ያለው። 24,000 የመረጡት ወደፊት ይጨመራል ብለው ነው።

ከቱቦው የወረደው ዘይት 310 ሚሊ ሊትር ነው። ደነገጥኩ። የቀረው ጥቂት የውስጡ ኮይል ውስጥ ይሆናል። ባለፈው ስቀይርም በናይትሮጅን ነፍቼ ነበር። ያን ጊዜም ብዙ ዘይት ወጥቷል። ከተበላሸው ኮምፕረሰር የመጣ ቆሻሻ ነው ብዬ አልለካሁትም።

ጣና ዳር

እንግዲህ ወንጀለኛው ተያዘ። ቾቄ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ነው ያለው እውነት ነው። ምክንያቱ ግን የትራፕ መጉደል አይመስለኝም።

ነገሩን ከዘይቱ ጋር አብረን እንሂድ። ከኮምፕረሰሩ ሁልጊዜ ትንሽ ዘይት ከጋዙ ጋር ይወጣል። ይህን የሚያስቀር የለም። ኮንደንሰሩ ውስጥ ጋዙ ፈሳሽ ሲሆን ዘይቱ በውስጡ ይሟሟል። በቀጭኑ ቱቦ አብሮ ይወርዳል፣ እዚያ ችግር የለም። የውስጡ ኮይል ላይ ግን ፈሳሹ ተኖ ጋዝ ይሆናል። ዘይት አይተንም። ብቻውን ይቀራል። ቀዝቃዛና ወፍራም ሆኖ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጋዙ ፍጥነት። ጋዙ መሐል ለመሐል እየሮጠ በግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት እየጎተተ ይወስደዋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ዘይቱ መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ታች መመለስ ይጀምራል።

አንተ ቱቦውን አወፈርከው፣ ስለዚህ ጋዙ ቀዘዘ። ማሽኑ ደግሞ ኢንቨርተር ነው። 7 ኪሎዋት የሚችል ማሽን 2 ኪሎዋት የማይሞላ ክፍል ላይ ሲቀመጥ፣ ሌት ተቀን በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚዞረው። ሁለቱ ተደራረቡ። የደብረ ማርቆስ ሌሊት ደግሞ ብርዳም ነው። ጭነቱ የበለጠ ይወርዳል።

መብራት ሲመጣ ኳ ኳ የሚለው ለዚህ ነው። ክፍሉ ሞቆ ስለሚቆይ ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል። ለወራት ያልሮጠው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይሮጣል። የተጠራቀመው ዘይት ተሰብስቦ ኮምፕረሰሩ ላይ ይደርሳል። ኮምፕረሰር ፈሳሽ አይጨምቅም።

ሰብለ

ጋሼ ጣና ዳር ያሉትን በቁጥር ላሳይ። የሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ደብረ ማርቆስም ሠርቻለሁ።

ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ 7 ኪሎዋት ሲያቀዘቅዝ በሰከንድ ወደ 43 ግራም ጋዝ ይዘዋወራል። ወፍራሙ ቱቦ ውስጥ ያለው ጋዝ በአንድ ሜትር ኩብ 34 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ትነቱ 5 ዲግሪ ላይ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። 5/8 ቱቦ ውስጡ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ጋዙ በሰከንድ 8 ሜትር ይሮጣል። 7/8 ውስጡ 20 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ 4 ሜትር ብቻ ይሄዳል።

4 ሜትርም ቢሆን ይበቃ ነበር። ዘይት መንሸራተት የሚጀምርበት ፍጥነት ከቱቦው ስፋት ጋር ይለያያል። በዚህ ጋዝ ለ7/8 ወደ 1.6 ሜትር በሰከንድ፣ ለ5/8 ወደ 1.35 ሜትር አግኝቻለሁ። ማለትም ቱቦው በሰፋ ቁጥር የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል፣ ያለው ፍጥነት ደግሞ ይቀንሳል።

አሁን ሌሊቱን እንየው። ማሽኑ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ 7/8 ውስጥ ያለው ፍጥነት 1.2 ሜትር ይሆናል። ከገደቡ በታች ነው። ዘይቱ አይወጣም። 5/8 ቢሆን ኖሮ 2.5 ሜትር ይሆን ነበር። ከገደቡ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

310 ሚሊ ሊትሩም አይገርምም። 19 ሜትር የሚሆን 7/8 ቱቦ ውስጠኛው ግድግዳ 1.2 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት አሥረኛ የሚሆን ስስ ዘይት ቢለጠፍ 360 ሚሊ ሊትር ይሞላል። በዓይን ብታየው ቱቦው እርጥብ ነው ብለህ ነው የምታልፈው።

ማርቆስ ኤሲ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። 5/8 አድርጌው ቢሆን ግፊቱ አይወርድም ነበር? ያሳደግሁት እኮ ለዚያ ነው።

ሰብለ

ይወርድ ነበር። ክርኖቹን ጨምረን መንገዱን 35 ሜትር ብንለው፣ 5/8 ላይ በሙሉ ኃይል 6 ፒኤስአይ ያህል ይጠፋል። 7/8 ላይ 1 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የ6 ፒኤስአይ ኪሳራ የትነቱን ሙቀት አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ዝቅ ያደርጋል። ከማሽኑ አቅም ትንሽ ይቀንሳል። የአምራቹ የ30 ሜትር ገደብ ይህን ኪሳራ አስቦ የተቀመጠ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ኪሳራው ከፍጥነቱ ጋር በጣም በፍጥነት ይወርዳል። 30 በመቶ ላይ 5/8 ራሱ የሚያጠፋው 1 ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም። የአንተ ማሽን ደግሞ ውሎ የሚያድረው እዚያ ነው። ልታድነው ያሰብከው 5 ፒኤስአይ በተግባር አልነበረም።

ቾቄ

ሰብለ፣ ቁጥርሽን አከብራለሁ። ግን እኛ የተማርነው ወደ ላይ በሚወጣ ቱቦ ቢያንስ 5 ሜትር በሰከንድ ነው። በዚያ ሕግ ከሄድን 5/8ቱም በሌሊት 2.5 ነው፣ ወድቋል። ታዲያ ቱቦ መቀየሩ ምን ይፈይዳል? ትራፕ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ሰብለ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የ5 ሜትሩ ሕግ የቆየ የእጅ መመሪያ ነው። ውስጡ ብዙ መጠባበቂያ አለው። ቱቦው ቀጭን ይሁን ሰፊ፣ ጋዙ ከባድ ይሁን ቀላል አይለይም። አር 410ኤ በዚህ ሙቀት ከአር 22 የበለጠ ክብደት አለው፣ ስለዚህ በዝቅተኛ ፍጥነትም ዘይት ይጎትታል። እኔ ያስቀመጥኩት ዘይቱ የሚንሸራተትበትን ጠርዝ ነው። ከጠርዙ ምን ያህል መራቅ ይበቃል የሚለው ላይ ልንለያይ እንችላለን። እጥፍ ይበቃል የሚል አለ፣ ሦስት እጥፍ የሚልም አለ።

ጣና ዳር

በትራፑ ላይ የእኔን ልናገር። ቾቄ፣ ትራፕ ዘይት አያወጣም። ትራፕ የወደቀ ዘይት ማረፊያ ነው። ዘይቱ ሲሞላበት የጋዙ መንገድ ይጠብባል፣ ፍጥነቱ እዚያች ቦታ ይጨምራል፣ ዘይቱን ገፍቶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ሐሳቡ ይህ ነው። ግን ከትራፑ በላይ ያለው ቱቦ ውስጥ ፍጥነት ከሌለ፣ የተወረወረው ዘይት ትንሽ ወጥቶ ይመለሳል። በየ3 ሜትሩ ስድስት ትራፕ ብታደርግ ስድስት ቦታ ዘይት ታስቀምጣለህ። በላዩ 200 ሚሊ ሊትር ስትጨምር ማሽኑ የሚሠራ ይመስላል፣ ምክንያቱም ቱቦው ጠጥቶ የሚተርፍ ዘይት አለ። መብራት በመጣ ቀን ግን ያ ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል። ማርቆስ የሰማው ኳ ኳ እጥፍ ይሆናል።

ከታች፣ ቱቦው ወደ ላይ ከመታጠፉ በፊት፣ አንድ ትራፕ ማድረግን እኔ እደግፋለሁ። ማሽኑ ሲቆም ከግድግዳው የሚወርደው ዘይት እዚያ ያርፋል። ወደ ውስጡ ኮይል አይገባም። ትንሽና ጠባብ ይሁን። በሁለት ክርን ተጠጋግቶ የተሠራ እንጂ ክንድ የሚያህል ሆድ ያለው አይሁን። ላይ ጣሪያው ላይ ደግሞ ቱቦው ወደ አግድም ከመዞሩ በፊት ከፍ ብሎ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፍ። ወጥቶ የደረሰ ዘይት ተመልሶ እንዳይወርድ። አግድሙም ወደ ኮምፕረሰሩ ትንሽ ያዘንብል።

በመሐል ትራፕ ይደረግ አይደረግ የሚለው ግን አምራቾችም አልተስማሙበትም። በየ6 ሜትሩ አድርጉ የሚል ማኑዋል አይቻለሁ። በየ10 ሜትሩ የሚልም አለ። ፈጽሞ አታድርጉ የሚልም አለ። የማሽንህ ማኑዋል የሚለውን ተከተል።

ቾቄ

ጋሼ፣ በመሐል ትራፕ ላይ አልተስማማሁም። በአር 22 ዘመን የሠራኋቸው አሁንም ይዞራሉ።

ጣና ዳር

ይዞራሉ፣ አውቃለሁ። እኔም ሠርቻለሁ። እነዚያ ኢንቨርተር አልነበሩም። ወይ በሙሉ ኃይል ይሠራሉ ወይ ይቆማሉ። በሠሩበት ሰዓት ሁሉ ጋዙ ይሮጣል፣ ዘይቱ ይመለሳል። ቱቦ አንድ ቁጥር ብታሳድግባቸው ይችሉት ነበር። ማርቆስም የለመደው ያንን ስለሆነ ነው 7/8 ያደረገው። የዛሬው ማሽን ግን ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ቀስ ብሎ ይሠራል። ቱቦ የሚመረጠው ለሙሉ ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ለዝቅተኛው ፍጥነቱም ነው።

ስለ ቫኪዩሙም አንድ ነገር ላርም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋለች። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። እዚያ የማኒፎልድ ጌጅ መርፌ ፓምፑ ፍጹም ቢሆን እንኳ 22 አካባቢ ነው የሚቆመው። 30 አይደርስም። ስንት ደህና ፓምፕ በዚህ ምክንያት ተጥሏል። የማይክሮን ጌጅ ካለህ እሱን እመን፣ ከፍታ አይነካውም። በሥራ ላይ ያለው ጌጅም እንዲሁ ነው። እዚያ የምታነበው ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚነበበው ወደ 4 ፒኤስአይ ይበልጣል። በሳክሽን ግፊት ብቻ ጋዝ የምትሞሉ ይህን አስቡት።

የቡሬ ልጅ

ጋሼ፣ እኔን ረሱኝ?

ጣና ዳር

አልረሳሁህም። የአንተ የውጭ ዩኒት ከታች ነው። ጋዙ የሚወርደው ወደ ታች ነው፣ ዘይቱም በራሱ ክብደት ይወርዳል። በመውረጃው ላይ ትራፕ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ላይ ነው። ወፍራሙ ቱቦ ከውስጡ ዩኒት ሲወጣ ከኮይሉ ራስ ከፍ ብሎ ይታጠፍና ከዚያ ይውረድ። አለበለዚያ ማሽኑ በቆመ ጊዜ ኮይሉ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ጋዝ በቱቦው ተንሸራቶ ኮምፕረሰሩ ላይ ይደርሳል።

ማቀዝቀዙ ስለ ደከመው ግን ሌላ ቦታ ፈልግ። ቀጭኑን ቱቦ ኢንሱሌሽን አድርገህለታል?

የቡሬ ልጅ

የለም። ቀጭኑ ሞቃት ፈሳሽ ነው የሚሸከመው ብለው አስተምረውናል። ወፍራሙን ብቻ ነው የሸፈንኩት። ግን እውነትም ቀጭኑ ይንጠባጠባል። የክሊኒኩ ኮርኒስ ረጥቧል።

ጣና ዳር

ያስተማሩህ ለትልልቅ ማሽኖች ልክ ነው። በግድግዳ ስፕሊት ግን ካፒላሪው ወይም የማስፋፊያ ቫልቩ አብዛኛውን ጊዜ የውጭው ዩኒት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀጭኑ ቱቦ ከዚያ ሲወጣ ቀድሞ ቀዝቅዟል። ግፊቱም ወርዷል። ፈሳሽና ጋዝ ተቀላቅሎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። 11 ሜትር ሙሉ ራቁቱን ሲወጣ የመንገዱን ሙቀት እየጠጣ ነው። ሐኪሙ ክፍል ሳይደርስ ደረጃውን አቀዝቅዞታል። ሁለቱንም ሸፍናቸው፣ ለየብቻ።

ለሌሎችም ይጠቅማልና፣ የማስፋፊያ ቫልቩ ውስጥ በሆነባቸው ማሽኖች ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ቀጭኑ ቱቦ ሙሉ ፈሳሽ ነው። አር 410ኤ ሲሆን በ10 ሜትር ከፍታ ወደ 14 ፒኤስአይ ያጣል። ያን ጊዜ ፈሳሹ በደንብ ቀዝቅዞ ካልተነሳ መንገድ ላይ መፍላት ይጀምራል። የአንተን ግን በዚህ ሂሳብ አትለካው።

ማርቆስ ኤሲ

እኔ አሁን ልወስን ነው። 7/8ቱን አውጥቼ 5/8 ልዘርጋ? ወይስ ከ3/4 ጋር ልስማማ? 3/4 ጥቅልል ሱቃችን ውስጥ አለ። 5/8 ከባሕር ዳር ማስመጣት አለብኝ።

ሰብለ

3/4 በሙሉ ኃይል ጥሩ ነው። 5.5 ሜትር በሰከንድ ይሰጥሃል፣ የግፊት ኪሳራውም 2 ፒኤስአይ ያህል ነው። ሌሊት ግን 1.65 ሜትር ላይ ይወርዳል። ጠርዙ ወደ 1.5 ነው። ማሽኑ ከ30 ወደ 25 በመቶ ቢወርድ አለቀ። እኔ ብሆን 5/8 እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

የማይታየኝ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ኢንቨርተሮች በየተወሰነ ሰዓት በራሳቸው ፍጥነት ጨምረው ዘይት የሚመልሱበት ፕሮግራም አላቸው። የአንተ ማሽን አለው?

ማርቆስ ኤሲ

ማኑዋሉ ላይ አላገኘሁም። የሸጠልንን ድርጅት ጠይቄ እስካሁን መልስ የለም።

ጣና ዳር

ከሌለው በእጅህ አድርገው። ፎርስድ ኩሊንግ ወይም ቴስት ራን የሚባል ካለው፣ በሳምንት አንዴ ሃያ ደቂቃ በሙሉ ኃይል አስነሳው። ቱቦው 5/8 ከሆነ በኋላ ማለቴ ነው። አሁን ባለው 7/8 ላይ ብታደርገው ያ ሁሉ ዘይት በአንድ ጊዜ ይመጣብሃል።

ኮምፕረሰሩን ከማሰርህ በፊት የውስጡን ኮይልም ንፋው። አዲሱ ከነሙሉ ዘይቱ ስለሚመጣ አሮጌው በላዩ እንዳይጨመር። ዘይት ከፋብሪካ የመጣው ይበቃዋል። የጫፎቹን መዝጊያ ደግሞ ቶሎ አትክፈት። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚሻለው ዩኒቱን ማውረድ ነው። ምድር ቤት ላለ ክፍል 19 ሜትር ወጥቶ መመለስ ምን ያደርጋል? ከሕንፃው ጀርባ ባለ ግድግዳ ላይ በ5 ሜትር ቱቦ ይጨረስ ነበር።

ማርቆስ ኤሲ

ባለቤቱን ለምኜዋለሁ ጋሼ። ከኋላ በኩል የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ሙቀቱም ድምፁም አይሆንም አለ።

ማርቆስ ኤሲ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የጠየቃችሁኝ ልጆች ስላላችሁ ላሳውቅ ብዬ ነው።

5/8 ከባሕር ዳር መጣ። 19 ሜትሩንም አግድሙንም በእሱ ቀየርኩት። በተቻለ መጠን ያለ ብየዳ በጥቅልሉ ነው ያወጣሁት። ታች አንድ ትንሽ ትራፕ፣ ላይ አንድ የከዘራ እጀታ አደረግሁ። በመሐል ምንም የለም፣ ማኑዋሉ ስለማይጠይቅ። ቱቦው ስለ ጠበበ የሚይዘው ጋዝም ይለያል ብዬ ጋዙን ከመጀመሪያው በሚዛን ሞላሁት። ለትርፉ ሜትር ማኑዋሉ የሚለውን ብቻ ጨመርኩ።

ባለፈው ሳምንት ለአራት ሰዓት ያህል መብራት ጠፍቶ ነበር። ሲመጣ ሆን ብዬ ጣሪያ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ተነሳ፣ ፍጥነት ጨመረ። ኳ ኳ አላለም። የኮምፕረሰሩ መውጫ ቱቦ ሙቀትም ከበፊቱ በጣም ቀንሷል። በፊት በትንሽ ጭነት እንኳ 100 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። አሁን በዚያው ጭነት 70 አካባቢ ነው።

ቾቄ

ደስ ብሎኛል ወንድሜ። ስድስት ሳምንት ግን አጭር ነው። የመጀመሪያው ሰባት ወር ሄዶ የለ? በመሐል አንድ ትራፕ ብታደርግበት ኖሮ እኔ ባረፍኩ ነበር።

ሰብለ

ቾቄ በጊዜው ጉዳይ ልክ ነው። የመጀመሪያው ያን ያህል የቆየው ቀን ቀን ጭነቱ ትንሽ ከፍ ሲል የተወሰነ ዘይት እየተመለሰ፣ ሌሊት እየሄደ ይመስለኛል። ዘይቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ተሸካሚው በዝግታ ይበላል። ስለዚህ ዛሬ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አትተወው።

ማርቆስ፣ የመውጫ ቱቦውን ሙቀት በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ጻፈው። ሌሊት በዝቅተኛ ፍጥነት ከሠራ በኋላ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ዩፒኤሱ የሚያሳየውን ጭነትም አብረህ ጻፍ። ጭነቱ ሳይጨምር ሙቀቱ ከ70 ወደ 80፣ ወደ 85 ከሄደ ዘይቱ እንደገና እየጠፋ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ኮምፕረሰሩ ሳይሞት ትደርስበታለህ።

ማርቆስ ኤሲ

እሺ እህቴ። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 71 ዲግሪ፣ 1.8 ኪሎዋት። ከበሩ ጀርባ ደብተር ሰቅያለሁ።

የቡሬ ልጅ

እኔም ቀጭኑን ሸፈንኩት። ኮርኒሱ ደርቋል። ማቀዝቀዙ ተሻሽሏል፣ ግን እንደ አዲስ አልሆነም። ነገ ኮንደንሰሩን አጥቤ የጋዙን መጠን በሚዛን ላየው ነው።